«ክሊራንስ ይሰጠኝ» ከማለት በፊት

በኅዳርና በታኅሣሥ ወር በግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች መዝገብ ቤት የሚከመሩትን ደብዳቤዎች ያገላበጠ ሰው ብዙዎቹ ከአንድ እጅ የወጡ ይመስሉታል። «ጉዳዩ፦ ክሊራንስ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ይላሉ። ቀጥለውም «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው የዘመኑን ግብር አጠናቅቄ የከፈልሁ ስለሆነ ንግድ ፈቃዴን ለማሳደስ ክሊራንስ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብለው፣ ስምና ፊርማ አስከትለው ያበቃሉ።

ደብዳቤው ትሕትናው አልጎደለም፤ አማርኛውም ደኅና ነው። ችግሩ ያለው «የዘመኑን ግብር አጠናቅቄ የከፈልሁ» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። ነጋዴው ይህን ሲል በልቡ ያለው በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፍለው የንግድ ትርፍ ግብር ነው። ደብዳቤውን የሚቀበለው ባለሙያ ግን የሚከፍተው በነጋዴው መለያ ቁጥር ሥር የተመዘገቡትን የታክስ ዓይነቶች በሙሉ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱም፣ የሠራተኛው የሥራ ግብርም፣ የጡረታ መዋጮውም እየአንዳንዳቸው የራሳቸው ገጽ አላቸው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ትንሽ ቀሪ ሂሳብ ወይም ያልቀረበ የአንድ ወር ማስታወቂያ ከታየ፣ የዓመቱ ግብር ሙሉ በሙሉ ተከፍሎም ቢሆን ክሊራንሱ ይቆማል። ነጋዴውም «ከፍያለሁ እኮ!» ይላል፤ ባለሙያውም «ሲስተሙ ዕዳ ያሳያል» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ይህ ጽሑፍ ያ ክርክር ሳይነሳ እንዴት ማስቀረት እንደሚቻል ያሳያል። ጥሩ የክሊራንስ ደብዳቤ የሚጀምረው ከወረቀቱ ሳይሆን በግብር መሥሪያ ቤቱ ዘንድ በስማችን ከተከፈተው የሂሳብ መዝገብ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ አካባቢ «ሌጀር» የሚሉት እሱን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ክሊራንስ የሚባለው፣ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት «ይህ ሰው በዛሬው ዕለት የሚፈለግበትን ታክስ የመክፈል ግዴታውን ተወጥቷል» ብሎ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ማንኛውም ግብር ከፋይ ማረጋገጫውን እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል። ፈቃድ የሚሰጡና የሚያድሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም ይህ ማረጋገጫ ሳይቀርብላቸው ፈቃድ እንዳያድሱ ከልክሏቸዋል። የክልልና የከተማ አስተዳደር ሕጎችም በአብዛኛው ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ።

አዋጁ ለመሥሪያ ቤቱም ግዴታ አስቀምጧል። ማመልከቻው በቀረበ በ14 ቀን ውስጥ፣ ግዴታው የተሟላ መሆኑን ሲያረጋግጥ ክሊራንሱን መስጠት አለበት። አልሰጥም ካለም ውሳኔውን በዚያው ጊዜ ውስጥ ለአመልካቹ ማሳወቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ክሊራንስ በደጅ ጥናት የሚገኝ ችሮታ አይደለም፤ ጥያቄው ቀን ይቆጠርለታል፣ መልሱም ቀን ይቆጠርለታል።

ከዚህ ጋር የፈቃድ ዕድሳቱ ጊዜ ይታሰብ። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ነው። ከጥር ጀምሮ ቅጣት ይመጣል። የሂሳብ መዝገብ የሚይዘው የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ዓመታዊ ግብሩን አስታውቆ የሚከፍለው እስከ ጥቅምት 30 ነው። ስለዚህ ግብሩን በመጨረሻው ሳምንት ለከፈለ ሰው የሚቀረው ኅዳርና ታኅሣሥ ብቻ ነው። ሁለት ወር ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ከእነዚያ ውስጥ 14ቱ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ በጉድለት ከተመለሰ ደግሞ ሌላ 14 ቀን ሊጨመር ነው። ሰልፉ በታኅሣሥ የሚረዝመውም በዚህ ምክንያት ነው።

የወይዘሮ አስቴር ጉዳይ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ የሚቸረችሩ ነጋዴ እናስብ፤ ስማቸውን ወይዘሮ አስቴር እንበል። ደረጃ «ሀ» ናቸው፤ ለተጨማሪ እሴት ታክስም ተመዝግበዋል። አንድ ሻጭ ቀጥረው ነበር፤ ልጁ በየካቲት 2016 መጨረሻ በራሱ ፈቃድ ሥራ ለቋል፤ ከዚያ ወዲህ ሱቁ ላይ የሚቆሙት እርሳቸው ብቻ ናቸው። የ2016 በጀት ዓመት የንግድ ትርፍ ግብራቸውን ጥቅምት 21 ቀን 2017 አስታውቀው በዚያው ዕለት ከፍለዋል። ኅዳር 3 ቀን ከላይ ያየነውን ዓይነት አጭር ደብዳቤ ጽፈው፣ የዓመቱን ግብር ደረሰኝ አያይዘው አስገቡ።

ባለሙያው መለያ ቁጥራቸውን ሲያስገባ የንግድ ትርፍ ግብሩ ገጽ ንጹሕ ነበር። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ላይ ግን 920 ብር ቅጣትና ትንሽ ወለድ ተንጠልጥሏል። የሥራ ግብሩና የጡረታው ገጽ ደግሞ ከመጋቢት 2016 ጀምሮ የሰባት ወር ማስታወቂያ እንዳልቀረበ ያሳያል።

ወይዘሮ አስቴር ደነገጡ። «ልጄ፣ እኔ እኮ አንድም ወር ቫት ዘልዬ አላውቅም። ሠራተኛውም ከወጣ ስንት ጊዜው!» አሉት። ያሉት ሁሉ ትክክል ነበር። ይሁንና ሁለቱም ነገሮች ከየት እንደመጡ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ክሊራንስ የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ ነውና።

920 ብሩ ከየት መጣ?

የታኅሣሥ 2016 ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን ጥር 30 ነበር። ወይዘሮ አስቴር ማስታወቂያውን ጥር 29 በጊዜው አቅርበዋል። የሚከፈለው 18,400 ብር ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ በዚያ ሰሞን እጅ ስላጠራቸው የከፈሉት የካቲት 4 ቀን ነው። አራት ቀን ዘገዩ ማለት ነው።

በአዋጁ መሠረት ታክስ በወቅቱ ሳይከፈል ሲቀር፣ ለመጀመሪያው ወር ወይም ለወሩ ከፊል ካልተከፈለው ታክስ ላይ 5 በመቶ ቅጣት ይታሰባል። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ወር ደግሞ 2 በመቶ ይጨመራል። «ለወሩ ከፊል» የሚለው ቃል ልብ ይባል፤ አራት ቀን የዘገየም ሃያ ስምንት ቀን የዘገየም ቅጣቱ እኩል ነው። የ18,400 ብር 5 በመቶ 920 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ ለዘገየው ቀን ልክ የሚሰላ ወለድ አለ።

ታዲያ ወይዘሮ አስቴር ለምን አላወቁም? የካቲት 4 ቀን የከፈሉት ጥር ላይ በወጣው የክፍያ ትእዛዝ ላይ የተጻፈውን 18,400 ብር ነው። ትእዛዙ ሲወጣ ቅጣት አልነበረም። ክፍያው ባንክ ገባ፤ ደረሰኝ ተሰጣቸው፤ እርሳቸውም ፋይላቸው ውስጥ አስቀመጡት። ቅጣቱ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ደረሰኙ «ከፍለዋል» ይላል፤ መዝገቡ ደግሞ «ቅጣቱ ቀርቷል» ይላል። ደረሰኝ የሚመሰክረው ስለ አንድ ክፍያ ብቻ ነው። ስለ ጠቅላላው ሂሳብ የሚመሰክረው መዝገቡ ነው።

እንዲህ ያለውን በራስ ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የአሥራ ሁለቱን ወር ደረሰኝ በተርታ ዘርግቶ፣ በእያንዳንዱ ላይ የተከፈለበትን ቀን ከወሩ የመጨረሻ ቀን ጋር ማስተያየት ነው። ቀኑ ያለፈበት ደረሰኝ ከተገኘ፣ ተለይቶ የተከፈለ የቅጣት ደረሰኝ አብሮት መኖር አለበት። ከሌለ ቀሪ ሂሳብ አለ ማለት ነው። እግረ መንገድም ደረሰኙ ላይ የተጻፈውን የታክስ ዓይነት፣ ወርና መለያ ቁጥር ማየት ይጠቅማል። የሥራ ግብር ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ በስህተት በጡረታ ሂሳብ ገብቶ ከሆነ፣ አንዱ ገጽ ትርፍ ሌላው ዕዳ ያሳያል።

በሥራ የሌለው ሠራተኛ

ሁለተኛው ጉዳይ የበለጠ ያስፈራል። ሠራተኛ ያለው ነጋዴ የሥራ ግብሩንና የጡረታ መዋጮውን በየወሩ አስታውቆ ይከፍላል። ጡረታው ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ተቀንሶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ የሚገባ ነው። አንድ ጊዜ በእነዚህ የታክስ ዓይነቶች የተመዘገበ ሰው ስም ሥር፣ መዝገቡ በየወሩ ማስታወቂያ ይጠብቃል። ሻጩ ጠዋት ሱቅ እንዳልመጣ መዝገቡ በራሱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው ሲነገረው ነው።

ወይዘሮ አስቴር ልጁ ሲወጣ ደመወዙን ሰጥተው፣ መርቀው ሸኙት። ለግብር መሥሪያ ቤቱ ግን አልነገሩም። ስለዚህ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ያለ ማስታወቂያ አለፉ። ሕጉ፣ የሚከፈል ታክስ የሌለበትም ቢሆን፣ መቅረብ የሚገባው ማስታወቂያ ሳይቀርብ ሲቀር ለእያንዳንዱ የታክስ ጊዜ 10,000 ብር ቅጣት አስቀምጧል። ይህ በሰባት ወር ቢባዛ 70,000 ብር ነው፤ ያውም ለሌለ ሠራተኛ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ስህተት ይሠራል። አንዳንዱ ተደናግጦ፣ ያልተጠየቀውን ሁሉ አምኖ ለመክፈል ይስማማል። ሌላው ደግሞ «ሠራተኛ የለኝም» ብሎ በቃል ይከራከራል። ሁለቱም አያዋጣም። የሚያዋጣው እውነቱን በማስረጃ ማሳየት ነው። ሠራተኛ የሌለው ሰው ከማንም ደመወዝ ላይ ግብር አልቀነሰም፤ ስለዚህ ጥያቄው «ሠራተኛው በእርግጥ መቼ ወጣ?» የሚል ነው። ወይዘሮ አስቴር በእጃቸው ሦስት ነገር ነበራቸው፦ ልጁ በፊርማው የሰጣቸው የሥራ መልቀቂያ፣ የየካቲት ወር የመጨረሻው የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ እንዲሁም ለዚያው ወር የከፈሉት የሥራ ግብርና የጡረታ ደረሰኝ። እነዚህን አያይዘው፣ ከክሊራንሱ ጥያቄ የተለየ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤውም ከመጋቢት 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሠራተኛ እንደሌላቸው ገልጸው፣ የሥራ ግብርና የጡረታ ምዝገባቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲዘጋ ጠየቁ።

ይህ ደብዳቤ ለብቻው መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም። የታክስ ዓይነት የሚዘጋው ሰው ክሊራንስ ከሚሰጠው ሰው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ሁለት ጥያቄ በአንድ ወረቀት ላይ ሲሆን ወረቀቱ ወደ አንዱ ይመራና ሌላው ሳይነካ ይቀራል። ባለሙያው ለነዚያ ወራት ባዶ ማስታወቂያ እንዲቀርብ ቢጠይቅ እሱን ሞልቶ ማቅረብ ነው። ቅጣት ተጽፎ ከተገኘም ሕጉ አስተዳደራዊ ቅጣት እንዲነሳ በጽሑፍ ማመልከትን ይፈቅዳል። መልቀቂያ ወረቀት ያልተቀበለ፣ መክፈያ ሰነድም ያልያዘ ነጋዴ ግን ይህን ሁሉ የሚያስረዳበት ነገር የለውም።

ሁለተኛው ደብዳቤ

ወይዘሮ አስቴር ቅጣቱንና ወለዱን ኅዳር 6 ቀን ከፈሉ። የሥራ ግብሩና የጡረታው ገጽ በማስረጃቸው መሠረት ኅዳር 11 ቀን ተዘጋ። በማግስቱ አዲስ ደብዳቤ አስገቡ፤ እንዲህ ይላል፦

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ፦ (ፋይሉ ለሚገኝበት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ሙሉ ስም)

ጉዳዩ፦ ለንግድ ፈቃድ ዕድሳት የሚያገለግል የታክስ ክሊራንስ ስለመጠየቅ

እኔ (ሙሉ ስም ከነአያት)፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (አሥሩ አኃዝ)፣ የንግድ ፈቃድ ቁጥር (…)፣ በ(ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር) በሕንፃ መሣሪያ ችርቻሮ ንግድ የተሰማራሁ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነኝ።

የ2016 በጀት ዓመት የንግድ ትርፍ ግብሬን ጥቅምት 21 ቀን 2017 አስታውቄ ከፍያለሁ። የተጨማሪ እሴት ታክስ እስከ መስከረም 2017 ድረስ ያለውን በየወሩ አስታውቄ ከፍያለሁ። የታኅሣሥ 2016 ክፍያ አራት ቀን በመዘግየቱ የመጣውን ቅጣትና ወለድ ኅዳር 6 ቀን 2017 ከፍያለሁ። የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ እስከ የካቲት 2016 የከፈልሁ ሲሆን፣ ከመጋቢት 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሠራተኛ ስለሌለኝ ምዝገባው ኅዳር 11 ቀን 2017 ተዘግቶልኛል።

ስለዚህ ንግድ ፈቃዴን ለማሳደስ እንድችል፣ ለ(ፈቃዱን ለሚያድሰው የንግድ መሥሪያ ቤት ስም) የሚቀርብ የታክስ ክሊራንስ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የታደሰ መታወቂያ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የዓመታዊ ግብር ደረሰኝ፣ የቅጣትና የወለድ ደረሰኝ፣ የሥራ ግብርና የጡረታ ምዝገባ የተዘጋበት ደብዳቤ፤ በድምሩ 5 ገጽ

ከሠላምታ ጋር

(ፊርማ፣ ስምና ስልክ ቁጥር)

ይህ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ቢረዝምም አንድም ትርፍ ቃል የለበትም። የመጀመሪያው አንቀጽ «ማን ነህ?» ለሚለው መልስ ነው። ስም ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ብዙ ናቸውና መዝገቡ የሚከፈተው በመለያ ቁጥሩ ነው። ከአሥሩ አኃዝ አንዱ ከተሳሳተ የሌላ ሰው ገጽ ይከፈታል።

ሁለተኛው አንቀጽ የደብዳቤው አከርካሪ ነው። «ግብሬን ከፍያለሁ» ከማለት ይልቅ እያንዳንዱን የታክስ ዓይነት በስሙ ጠርቶ፣ እስከየትኛው ወር እንደተከፈለ ይናገራል። ባለሙያው በኮምፒውተሩ የሚያየውን ገጽ ቅደም ተከተል ይከተላል፤ እያነበበ እያመሳከረ ይሄዳል። ልብ ይባል፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቢያበቃም ደብዳቤው እስከ መስከረም 2017 ድረስ ያለውን ይናገራል። ምክንያቱም ክሊራንሱ የሚመሰክረው ስለ ዛሬ ነው። ያለፈው ዓመት ንጹሕ ሆኖ የነሐሴ ቫት ካልተከፈለ ክሊራንስ የለም። የጥቅምት ቫት ግን እስከ ኅዳር 30 ጊዜ ስላለው ኅዳር 12 ላይ ዕዳ አይደለም።

ጉድለትን በራስ አንደበት መናገርም በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ነው። አንዳንድ ነጋዴ የዘገየውን ክፍያ መጥቀስ ራስን ማጋለጥ ይመስለዋል። መዝገቡ ግን አስቀድሞ ያውቀዋል። ነጋዴው ከነመፍትሔው ካልጻፈው ባለሙያው እንደ አዲስ ግኝት አንስቶት ደብዳቤውን ይመልሳል።

ሦስተኛው አንቀጽ ለምንና ለማን እንደሆነ ይገልጻል። ክሊራንስ ለጨረታ፣ ንግድ ለመመለስ፣ ንብረት ለማስተላለፍም ይጠየቃል። ለጨረታ የተጻፈውን ይዞ ለፈቃድ ዕድሳት የሄደ ሰው «ይህ ለኛ የተጻፈ አይደለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ዓላማውና ተቀባዩ መሥሪያ ቤት በስም ይጻፉ። አመልካቹ ማኅበር ከሆነ ደብዳቤው በማኅበሩ አርማ ባለው ወረቀት ላይ በሥራ አስኪያጁ ፊርማና በማኅተም ይወጣል። ወኪል ከሄደም የውክልናው ቅጂ ከአባሪዎቹ አንዱ ይሆናል። ቅርንጫፉ የራሱ ቅጽ ካለው ወይም ጥያቄውን በኢንተርኔት የሚቀበል ከሆነ እሱን መሙላት ግዴታ ነው፤ ያኔም ቢሆን ይህ ደብዳቤ ቅጹ ላይ የሚሞላውን ሁሉ አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ከገባ በኋላ

ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ ሲሆን ሌላው ለራስ ነው። መዝገብ ቤት በራስ ቅጂ ላይ የተቀበለበትን ቀንና የገቢ ቁጥር ጽፎ ማኅተም ያድርግበት። 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው። ደብዳቤን በቀጥታ ለባለሙያው እጅ ሰጥቶ መሄድ የሚያፋጥን ይመስላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ቢጠፋ «መቼ አመጣህ?» ለሚለው መልስ አይኖርም።

በኢንተርኔት የጠየቀም ሰው የማመልከቻውን ቁጥርና ቀን የሚያሳየውን ገጽ አትሞ ወይም ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥ። የንግድ ፈቃድ ዕድሳቱ በ etrade.gov.et በኩል ቢሆንም እንኳ የክሊራንሱ መሠረት ያው መዝገቡ ነው። መንገዱ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ተቀየረ እንጂ የሚታየው ሂሳብ አልተቀየረም።

መልሱ «አይሰጥም» ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይጠየቅ። የቃል መልስ ይዞ መመላለስ ቀን ይበላል። በጽሑፍ የተሰጠ ምክንያት ግን የታክስ ዓይነቱን፣ ወሩንና የገንዘቡን መጠን ስለሚያሳይ ወይ ይከፈላል፣ ወይ ማስረጃ ይቀርብበታል፣ ወይ ቅሬታ ይቀርብበታል። በታክስ ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ መሆኑ አይዘንጋ።

መክፈል ለማይችል

ሁሉም ዕዳ እንደ 920 ብሩ አይደለም። በኦዲት ውሳኔ ብዙ ገንዘብ የተጻፈበት፣ ዕዳውን ቢያምንም ባንድ ጊዜ መክፈል የማይችል ነጋዴ አለ። አዋጁ ለዚህ በር ከፍቷል። ግብር ከፋዩ በቂ ምክንያቱን ጠቅሶ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምለት ወይም በየጊዜው ከፋፍሎ እንዲከፍል በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ቢፈቀድለትም ወለዱ መቆጠሩ አይቀርም። ክሊራንስ የሚፈልግ ሰው ይህን ስምምነት አስቀድሞ ፈርሞ፣ የደረሰበትን ክፍያ ከፍሎ፣ ስምምነቱን ከክሊራንሱ ደብዳቤ ጋር አያይዞ ቢቀርብ ባዶ እጁን ከሚለምን ሰው የተሻለ መሠረት አለው። አንድ ክፍያ ካጓደለ ግን ጠቅላላው ቀሪ ዕዳ ባንድ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የማይችሉትን መጠን መፈረም ችግሩን ወደ ሚቀጥለው ዓመት ማሳደር ነው።

ክሊራንስ የማይሆነውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ክሊራንስ ማግኘት ሂሳብ ተመርምሮ አለቀ ማለት አይደለም። ግብር ከፋዩ ራሱ ያስታወቀውን ሂሳብ መሥሪያ ቤቱ በአምስት ዓመት ውስጥ መርምሮ ሊያሻሽለው ይችላል፤ ማጭበርበር ካለ ደግሞ የጊዜ ገደብ አያግደውም። «ክሊራንስ ወስጃለሁ» ብሎ የዚያን ዓመት ደረሰኝና መዝገብ የጣለ ሰው፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚያሳየው ነገር ያጣል።

ወይዘሮ አስቴር ፈቃዳቸውን ከታኅሣሥ በፊት አሳደሱ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ኅዳር 3 በማስገባታቸው ጉድለቱን የሚያስተካክሉበት ጊዜ ተርፏቸዋል። ያው ደብዳቤ ታኅሣሥ 20 ቀን ገብቶ ቢሆን 920 ብሩም፣ የሠራተኛው ጉዳይም ቀኑን አሳልፎባቸው ወደ ጥር ቅጣት ይገቡ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነጋዴ ከሆኑ ሐምሌ ላይ፣ ሰልፍ ሳይኖር ወደ ቅርንጫፍዎ ይሂዱና በመለያ ቁጥርዎ ሥር ያሉትን የታክስ ዓይነቶች በሙሉ ከነቀሪ ሂሳባቸው አትመው እንዲሰጡዎ ይጠይቁ፤ ወይም በኢንተርኔት አካውንትዎ ያውጡት። ያንን ወረቀት ከደረሰኞችዎ ጋር አስተያዩ። የሚጎድለውን ያሟሉ፤ የወጣ ሠራተኛ ካለ ያሳውቁ። የክሊራንሱን ደብዳቤ የሚጽፉት ከዚያ በኋላ ይሁን።